ሥራዎ በግምት የሚሻገርበት ቦታ፦ የሥራ አጋር የሚያመጡ ቋሚ ርዕሶችን ስለ መምረጥ

ጥያቄ

በአንድ የመጠጥ ውኃ አቅራቢ ተቋም ውስጥ የውኃ ብክነት ክትትል መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ በየቀጠናው የሚገባውን ውኃ መከታተል፣ የሚያፈስ መስመር መፈለግና ማስጠገን ነው። ከመረጃ ተንታኞችና ከተመራማሪዎች ጋር አብሬ መሥራት ስለምፈልግ በሊንክድኢን ላይ ለወራት ስጽፍ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ወሰድኩት ሥልጠና፣ ሌላ ጊዜ ስለ አመራር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስላስጠገንነው ቧንቧ እጽፋለሁ። «በርታ» የሚለኝ ብዙ ነው፤ «አብረን እንሥራ» ያለኝ ግን እስካሁን የለም። እየተመላለስኩ የምጽፍባቸውን ርዕሶች ከዕለት ሥራዬ ውስጥ እንዴት ልምረጥ?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

የሥራ አጋር የሚቀርብዎ በሥራዎ ውስጥ እርሱ ሊይዘው የሚችል ቦታ ክፍት ሆኖ ሲያይ ነው። ስለ ተጠናቀቀ ሥልጠናና ስለ ተጠገነ ቧንቧ የሚጻፍ ነገር ለአንባቢው ደስታውን ከመግለጽ በቀር የሚያደርገው አይተውለትም፤ ጉዳዩ አልቋልና። ስለ አመራር የሚጻፈውም በየትኛውም ሙያ ያለ ሰው ሊጽፈው የሚችል ስለሆነ፣ እርስዎ የሚፈልጉት የመረጃ ተንታኝ እርስዎን ከሌላው የሚለይበት ምልክት አያገኝበትም። ስለዚህ ቋሚ ርዕስዎን ከሚያውቁት ወይም ከሚኮሩበት ሥራ ላይ አይምረጡ። በዕለት ሥራዎ ውስጥ ደጋግመው የሚደርሱበትን፣ የሌላ ሙያ እጅ በአጠገብዎ ስለሌለም በግምት የሚሻገሩትን ቦታ ይፈልጉና ርዕስዎን ከዚያ ያውጡ።

ይህን ቦታ ቁጭ ብሎ በማሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ቶሎ ትዝ የሚለው ትልቁና የተሳካው ነው፤ በየሳምንቱ የሚያደናቅፈውን ነገር ግን ስለለመደው እንደ ጥያቄ ማየቱን ይተዋል። በመሆኑም ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት፣ በአንድ ደብተር ላይ አራት ነገሮችን በአጭሩ ይመዝግቡ፤ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን ወሰንኩ፣ ውሳኔዬን በምን ግምት ላይ መሠረትኩ፣ ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ የትኛው ነው። ከአራቱ ይበልጥ የሚጠቅምዎ ሦስተኛው ነው። መለኪያ ሲጠፋ ወይም ጊዜ ሲያጥር የምናስቀምጠው እያንዳንዱ ግምት ከበስተጀርባው አንድ ባለሙያ አለው፤ ግምቱን በልኬት፣ በስሌት ወይም በሙከራ ሊተካው የሚችል ሰው ማለቴ ነው። ግምትዎን ሲጽፉ የሚፈልጉትን አጋር ሙያም አብረው ይጽፋሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከእርስዎ ዓይነት ሥራ ሊወጣ የሚችል የአንድ ሳምንት መዝገብ ላሳይዎ። ሰኞ ዕለት የቀጠናዎቹን የሌሊት ፍሰት አይተው አንዱ ከወትሮው ከፍ ማለቱን አስተዋሉ፤ የፍለጋ ቡድን እንዲሄድ ወሰኑ፤ ግምትዎ ጭማሪው ከአዲስ ስብራት የመጣ ነው የሚል ነበር፤ በዚያው ሰሞን ግፊቱም ጨምሮ ስለነበር የግፊቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን አላወቁም። ረቡዕ ቡድኑ መሣሪያው በጠቆመው ቦታ ቆፍሮ ደረቅ መሬት አገኘ፤ ግምቱ በካርታው ላይ የተጻፈው የቧንቧ ዓይነት ትክክል ነው የሚል ነበር። ሐሙስ አንድ ያረጀ ቫልቭ ተቀየረ፤ ግምትም ጥያቄም አልነበረውም። ዓርብ ወደ ቀጠናው የገባውን ውኃ ከደንበኞች የሂሳብ መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ሆነ፤ ከልዩነቱ ምን ያህሉ የቆጣሪዎች ዝግታ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ማፍሰስ እንደሆነ ለመለየት አልቻሉም።

መዝገቡ ከተሞላ በኋላ እያንዳንዱን መስመር በሦስት ጥያቄዎች ያጥሩት። መጀመሪያ፣ ይህ ነገር እኔ ሳልፈልገው በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይመጣልን? ቋሚ ርዕስ በሥራው የጊዜ ሰሌዳ ላይ ካልተመሠረተ ከሦስተኛው ጽሑፍ በኋላ የሚጻፍ ነገር ፍለጋ መዞር ይጀመራል፤ ወደ አጠቃላይ ምክር የሚገባውም ብዙ ጊዜ በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ፣ የተቋሙን ምስጢርና የሰውን የግል መረጃ ሳልነካ ላሳየው እችላለሁን? በመጨረሻ፣ ከእኔ ሙያ ውጭ ያለ ሰው የሚይዘው ጫፍ አለውን?

በዚህ ማጣሪያ የሐሙሱ ቫልቭ ይወድቃል። ተመልሶ ይመጣል፣ ለማሳየትም ይቻላል፣ ፎቶግራፉም ያምራል፤ ይሁን እንጂ ከውጭ የሚይዘው ጫፍ የለውም። እስካሁን «በርታ» ያስባለዎት አብዛኛው ጽሑፍ ከዚህ ወገን ይመስለኛል። የዓርቡ ጉዳይ ክፍት ጥያቄ ቢኖረውም ከደንበኞች መዝገብ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ አያልፍም፤ ከአንድ አጋር ጋር በጽሑፍ ስምምነት ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ በአደባባይ የሚመላለሱበት ርዕስ ግን ሊሆን አይገባም። የሰኞውና የረቡዑ ሦስቱንም ያልፋሉ። እንግዲህ ሁለት ርዕስ አገኙ፤ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛ ለመጨመር የሚፈተን ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ የሚጽፍ ሰው ሦስት ርዕስ ከያዘ፣ አንባቢው አንዱን ርዕስ ዳግመኛ እስኪያገኘው ድረስ አንድ ወር ተኩል ያልፋል፤ በዚህ መካከል የመጀመሪያውን ይረሳዋል።

አሁን የሰኞውን ርዕስ ጠጋ ብለን እንየው፤ አንድ ርዕስ አጋር የሚስብ ሆኖ የሚወጣው ወይም ተራ ዘገባ ሆኖ የሚቀረው በአያያዙ ነውና። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አብዛኛው ደንበኛ ተኝቶ ስለሚያድር በዋናው ቆጣሪ በኩል የሚያልፈው ውኃ አመዛኙ የሚፈስ ውኃ ነው። አንድ 800 ደንበኞች ያሉት ቀጠና በዚህ ሰዓት በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ይወስድ ነበር እንበል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ በሰዓት 2 ሊትር የሌሊት ፍጆታ ብንገምት 1.6 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የቀረው 7.4 እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ከዚያም ፍሰቱ ወደ 13 ከፍ አለ፤ በዚያው ጊዜ በቀጠናው ያለው የሌሊት ግፊት በውኃ ከፍታ ሲለካ ከ30 ወደ 40 ሜትር አድጓል። ጥያቄው ከ4 ሜትር ኩብ ጭማሪ ውስጥ ስንቱ አዲስ ስብራት ነው የሚል ይሆናል።

መልሱ የሚያፈሰው መስመር ለግፊት በሚሰጠው ምላሽ ላይ የተመሠረተ ነው። በሙያችሁ ዘንድ የታወቀው ቀመር የሚፈሰው ውኃ ግፊቱ በአንድ አርቢ ቁጥር ከፍ ተደርጎ ሲሰላ ከሚገኘው ጋር አብሮ ይሄዳል ይላል፤ ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ0.5 እና በ1.5 መካከል ይገኛል። በጠንካራ የብረት ቧንቧ ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ወደ 0.5 ይጠጋል፤ ግፊት ሲጨምር ስንጥቁ ራሱ የሚከፈተው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ ወደ 1.5 ያመራል። 0.5 ብንወስድ የቀድሞው ፍሳሽ ከ7.4 ወደ 8.5 ገደማ ብቻ ያድጋል፤ ስለዚህ ወደ 3 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አዲስ ስብራት አለ። 1 ብንወስድ ወደ 9.9 ያድጋል፤ ለአዲስ ስብራት የሚተርፈው 1.5 ነው። 1.5 ብንወስድ ግን ወደ 11.4 ይደርሳል፤ 1.6 የደንበኞች ፍጆታ ሲጨመርበት 13 ይሞላል፤ አዲስ ስብራት ጨርሶ የለም። በአንድ ባልታወቀ ቁጥር ምክንያት ቡድኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈልገው ነገር ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

ይህ ቋሚ ርዕስ ሊሆን የሚገባው ለምን እንደሆነ ያስተዋሉ ይመስለኛል። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህን ሲያነብ የሚያየው እርሱ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ ፍሰትና ግፊት በየ15 ደቂቃው ተመዝግቦ ካለ ያንን ቁጥር ለእያንዳንዱ ቀጠና ከመረጃው ላይ መገመት ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። ስለ ውኃ ምንም ባያውቅ እንኳ ጥያቄው የእርሱ ነው። ይህንኑ ጉዳይ «የግፊት አስተዳደር ጠቀሜታ» ብለው ጽፈውት ቢሆን ኖሮ የሚያነቡት የሙያ ባልደረቦችዎ ብቻ ይሆኑ ነበር፤ እነርሱም ስለሚያውቁት ተስማምተው ያልፉታል።

በአጻጻፉ ላይ የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። ሊንክድኢን ለአንድ ጽሑፍ የሚፈቅደው ቦታ እስከ 3,000 ፊደልና ምልክት ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንባቢው ቀሪውን ለመክፈት ከመወሰኑ በፊት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከታሪኩ መጀመሪያ አይጀምሩት፤ ከቆሙበት ይጀምሩት። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የሌሊት ፍሰት ንባብ፦ በዚህ ቀጠና የሌሊቱ ፍሰት ከ9 ወደ 13 ሜትር ኩብ አድጓል። የጭማሪው አብዛኛው ክፍል አዲስ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ አንድም አዲስ ስብራት ላይኖር ይችላል። ልዩነቱን የሚወስነው እስካሁን በግምት የምንወስደው አንድ ቁጥር ነው።» ከዚያ አንድ ሥዕላዊ መግለጫ፣ ፍሰቱና ግፊቱ በአንድ ላይ የተሣሉበት፣ ቀጥሎም ያደረጉትና ያላወቁት። መጨረሻው ላይ ለሁሉም የተወረወረ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አይጻፉ፤ ለአንድ ሙያ የተነገረ ጥያቄ ይጻፉ፦ «በየጊዜው በተከታታይ በሚመዘገቡ ሁለት ልኬቶች መካከል ያለውን እንዲህ ያለ ግንኙነት የሚገምቱ ሰዎች፣ የሁለት ሳምንት መረጃ ይበቃችኋል ወይስ ግፊቱን ሆን ብለን ዝቅና ከፍ ማድረግ ይኖርብናል?» እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልሱትን ሰዎች ቁጥር ያሳንሳል፤ የሚመልሱት ግን የሚፈልጓቸው ናቸው።

«የሌሊት ፍሰት ንባብ» የሚለውን መነሻ በእያንዳንዱ የዚህ ርዕስ ጽሑፍ ላይ ሳይለውጡ ይድገሙት። አንድ ተንታኝ የመጀመሪያውን ጽሑፍዎን ሲያነብ ምናልባት ላያነጋግርዎ ይችላል፤ ሁለተኛውን ሲያገኝ ግን ያው ጥያቄ በሌላ ቀጠና ሲመለስ ያያል፤ በሦስተኛው ላይ መረጃዎ ቀጣይነት ያለው መሆኑን ይረዳል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የታየ አስገራሚ ክስተት ለጥናት አይበቃውም፤ በየሳምንቱ የሚመዘገብ ልኬት ያለው ሰው ግን አብሮ የሚሠራበትን ነገር ይዞለት መጥቷል። ርዕሱን መደጋገም የሚጠቅመው ይህን ቀጣይነት ስለሚያሳይ ነው እንጂ ስምዎን ስለሚያስታውስ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ርዕስ፣ ተቆፍሮ ውኃ ያልተገኘበት ጉድጓድ፣ ሌላ ዓይነት አጋር የሚጠራ ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ የሚቀመጡት የድምፅ መቀበያዎች የፍሳሹ ድምፅ በሁለቱ ላይ የሚደርስበትን የጊዜ ልዩነት ይለካሉ፤ ቦታው የሚሰላው ድምፁ በቧንቧው ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በካርታው ላይ ካለው የቧንቧ ዓይነት ተወስዶ ነው። መቀበያዎቹ በ100 ሜትር ቢራራቁና የጊዜው ልዩነት 0.05 ሴኮንድ ቢሆን፣ ፍጥነቱን ለብረት በሴኮንድ 1,200 ሜትር ብለን ስንወስድ ስብራቱ ከቀረበው መቀበያ በ20 ሜትር ላይ ይወጣል፤ ቧንቧው በእርግጥ ፕላስቲክ ሆኖ ፍጥነቱ 400 ሜትር ገደማ ከሆነ ግን በ40 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረቅ ጉድጓድ በካርታው ላይ ስላለ ስሕተት የሚመሰክር ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የካርታና የጂአይኤስ ባለሙያን፣ የድምፅ ምልክት ትንተና የሚያጠናን ሰው ይመለከታል። በዚህ ርዕስ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጽሑፉ በቆፋሪው ቡድን ወይም ካርታውን በሣለው ሰው ላይ ጣት የሚቀስር እንዳይሆን። ቡድኑ ከመጻፍዎ በፊት ጽሑፉን አይቶ ቢስማማበት ለጽሑፉም ለሥራ ግንኙነትዎም ይበጃል።

ስለ ፈቃድ ሳላነሳ ላልፍ አልችልም፤ የውኃ መስመር መረጃ በብዙ ተቋማት ዘንድ በጥንቃቄ የሚያዝ ነውና። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከማውጣትዎ በፊት ከኃላፊዎ ጋር በርዕሱ ላይ ተነጋግረው የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በአንድ ገጽ ጽፈው ይስማሙ። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ፈቃድ መጠየቅ ሁለታችሁንም ያሰለቻል፤ ርዕሱን አንድ ጊዜ ማስፈቀድ ግን ይቻላል፤ የቋሚ ርዕስ አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው። የቀጠናው ስም፣ ካርታው፣ የዋና ቫልቮች አቀማመጥና የደንበኞች መረጃ አይወጡም። የፍሰቱን መጠን ማውጣት ካልተፈቀደ የመጀመሪያውን ሳምንት 100 አድርገው ሌሎቹን ከእርሱ አንጻር ያሳዩ፤ የፍሰቱ ቅርጽና የግፊቱ ግንኙነት ስለማይጠፉ ለተንታኙ ይበቃዋል። ጽሑፉ ከክስተቱ አንድ ወር ያህል ዘግይቶ እንዲወጣ መስማማትም ብዙ ኃላፊዎችን ያረጋጋል። እነዚህ ሁሉ ተደርገው ጥያቄው ትርጉም የሚያጣ ከሆነ ያ ርዕስ ለአደባባይ የሚሆን አልነበረምና ይተዉት፤ ከመዝገብዎ ሌላ ይምረጡ።

አሁን ርዕሶቹ ትክክል መሆናቸው በምን ይታወቃል ወደሚለው እንምጣ። የላይክ ብዛት እዚህ ላይ ያሳስታል፤ እንዲህ ያለ ጠባብ ጥያቄ የያዘ ጽሑፍ ከምረቃ ፎቶግራፍ ያነሰ ላይክ ማግኘቱ የሚጠበቅ ነውና። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ሁለቱን ርዕሶች እያፈራረቁ፣ ስምንት ጽሑፍ እስኪሞላ ይጻፉ፤ ይህ አራት ወር ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የደረስዎትን አስተያየቶችና የግል መልእክቶች በሦስት ይክፈሏቸው። አንደኛው ወገን ምስጋናና ማበረታቻ ነው። ሁለተኛው «ይህን እንዴት ሠራኸው?» የሚል ነው። ሦስተኛው «እንዲህ ብታደርጉስ?»፣ «መረጃው በየስንት ደቂቃው ነው?»፣ «ላየው እችላለሁን?» የሚል ነው። አጋር የሚወጣው ከሦስተኛው ወገን ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ከዚህ ወገን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ከመጣ ርዕሱ ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊንክድኢን በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ያነበቡት ሰዎች በምን የሥራ መደብ ላይ እንዳሉ በጥቅሉ ያሳያል፤ ይህንንም ከአስተያየቶቹ ጋር አስተያይተው ይመልከቱት።

ያልተፈለገ ሰው የሚመጣበት መንገድም ምክንያቱን ይናገራል። የሚመጡት ተማሪዎችና «እንዴት» ባዮች ብቻ ከሆኑ ጽሑፍዎ ወደ ማስተማር አዘንብሏል፤ የሚታወቀውን ለማብራራት የሰጡትን ቦታ ይቀንሱና ያልታወቀውን ወደ ፊት ያምጡ። የመሣሪያ ሻጮች ከበዙ ደግሞ ጽሑፉ ላይ የመሣሪያ ስም በዝቷል፤ ወይም ጥያቄው «የተሻለ መሣሪያ ቢኖረኝ» የሚል መንፈስ ይዟል። የሚያነቡት የራስዎ ሙያ ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ርዕሱን ለመለወጥ አይቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ በቃላቱ ላይ ነው። «ዝቅተኛ የሌሊት ፍሰት» የሚለው ሐረግ ለእርስዎ ግልጽ ነው፤ ተንታኙ ግን «ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የሚያልፈው ውኃ» ካልተባለለት ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ጉዳዩ የእርሱ እንዳልሆነ ያስባል። ርዕሱ ራሱ መለወጥ ያለበት ስምንቱም ጽሑፎች ወጥተው፣ ቃላቱም ተስተካክለው፣ ከሦስተኛው ወገን አንድም ሰው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ወደ ሁለት ሳምንቱ መዝገብ ይመለሱና ሌላ ግምት ይምረጡ።

መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃም ልጨምርልዎ። የሚፈልጉት ተንታኝ ጽሑፍዎ በራሱ እስኪደርሰው መጠበቅ የለብዎትም። በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ የሚጽፉ ጥቂት ሰዎችን ይፈልጉና ከራስዎ ልኬት ጋር የሚገናኝ አስተያየት በጽሑፎቻቸው ሥር ይተዉላቸው፤ «ግሩም ጽሑፍ» የሚል ሳይሆን፣ «በእኛ ቀጠና የፕላስቲክ መስመር በበዛበት ቦታ የታየው ከዚህ ይለያል፤ ግፊቱ ሲጨምር ፍሳሹ ከጠበቅነው በላይ ያድጋል» የሚል ዓይነት። ያ ሰው ስምዎን ተጭኖ ወደ ገጽዎ ሲመጣ በተከታታይ በአንድ ጥያቄ ላይ የተጻፉ ጽሑፎችን ካገኘ፣ ማን እንደሆኑ ለማብራራት ሌላ መልእክት አያስፈልግዎትም። ለዚህም ሲባል ከስምዎ ሥር ያለውን መስመር ያስተካክሉት፤ እስከ 220 ፊደል ይይዛል፤ የሥራ መደብዎን ብቻ ከሚጽፉበት «የውኃ ብክነት ክትትል መሐንዲስ፤ የሌሊት ፍሰትና ግፊት ግንኙነትን ከመረጃ ላይ ለመገመት የሚሠራ» ቢሉበት ይሻላል። ከጽሑፎችዎ መካከል ጥያቄውን በይበልጥ ግልጽ ያደረገውን አንዱን መርጠው በፕሮፋይልዎ ላይ ተመራጭ ሥራዎች በሚታዩበት ክፍል ያስቀምጡት። የቀድሞዎቹን ጽሑፎች ማጥፋት አያስፈልግዎትም፤ አዲሶቹ እየተደራረቡ ሲመጡ ወደ ታች ይወርዳሉ።

አንድ ሰው «ላየው እችላለሁን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጡት ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ብዙ ትብብር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ጠያቂው ፍላጎቱ በተነሣበት ሳምንት መልስ ሳያገኝ ይቀርና መረጃው ከወራት በኋላ ሲደርሰው ሌላ ሥራ ይዞ ይገኛል። ተቋምዎ እስከ ፈቀደ ድረስ የአንድ ቀጠና የሦስት ወር ፍሰትና ግፊት፣ በየ15 ደቂቃው፣ ስሙ ተወግዶ፣ በአንድ ፋይል ይዘጋጅ። አብሮት በአንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ዓምድ ትርጉምና መለኪያ፣ ቆጣሪው የቆመባቸው ቀናት፣ ጥገና የተደረገባቸው ቀናት ይጻፉ። የጥገናው ቀን ከሌለ ተንታኙ ስሌቱን ማረጋገጥ አይችልም፤ እርስዎ ያለዎትና እርሱ ከየትም የማያገኘው ነገርም ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን የጋራ ሥራ አሳንሳችሁ ጀምሩ። «በውኃ ብክነት ላይ አብረን እንሥራ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «በዚህ አንድ ቀጠና ላይ ቁጥሩን በስድስት ሳምንት ውስጥ ከመረጃው መገመት ይቻል እንደሆነ እንሞክር፤ እኔ በሁለት ሌሊት ግፊቱን ዝቅ አድርጌ ተጨማሪ ልኬት አመጣለሁ፤ እርስዎ ግምቱን ከነእርግጠኝነት ወሰኑ ያሰላሉ።» ግፊት ዝቅ ማድረጉን ግን የሥርጭት ክፍሉ ሳይስማማበት ቃል አይግቡ፤ በከፍታ ላይ ያሉ ደንበኞች ውኃ ሊቋረጥባቸው ይችላልና። በዚያው መልእክት ላይ መረጃው የተቋሙ መሆኑን፣ ውጤቱ በአደባባይ ከመውጣቱ በፊት ሁለታችሁም እንደምታዩት፣ የሁለታችሁም ስም እንደሚጠቀስ ያስፍሩ። ግምቱ ባይሳካ እንኳ ያልተሳካበት ምክንያት ለሚቀጥለው «የሌሊት ፍሰት ንባብ» ጽሑፍ ይሆናል፤ አጋርዎም በስሙ ከተጠቀሰበት ከእርሱ ሙያ ያሉ ሌሎች ሰዎች ያነቡታል።